ሽያጩ ተጽፏል፤ ገንዘቡስ?

አክስቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሱቅ አላት። ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ከፍ ያለች፣ ደጇ ላይ የሽንኩርትና የድንች ሳጥን የማይጠፋባት ጠባብ ሱቅ ናት። ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ለስላሳ፣ ዳቦ፣ የተማሪ ደብተር፣ ማስቲካና ከረሜላ ይሸጥባታል። አክስቴ ሽያጭ መጻፍ የጀመረችው ማንም ሳይነግራት ነው። ባንኮኒው ላይ እስክሪብቶ በክር የታሰረበት ደብተር አለ። ዘይት ስትሸጥ «ዘይት» ብላ ዋጋውን፣ ሳሙና ስትሸጥ «ሳሙና» ብላ ዋጋውን ታሰፍራለች። ማታ ትደምርና ድምሩን በቀይ ታከብበዋለች።

እኔ በሒሳብ ሠራተኛነት ነው የምተዳደረው። መስከረም ማለቂያ ላይ ልጠይቃት ሄጄ ቡና እየጠጣን ሳለ ደብተሩን አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ይኼ ደብተር ሰባት ሺህ ሸጠሻል ይለኛል። መሳቢያውን ስከፍተው ደግሞ አራት ሺህ ነው ያለው። ከሁለቱ የሚዋሸኝ የቱ ነው?»

አንዳቸውም አልዋሿትም። ደብተሩ የሚያውቀው ከሱቅ የወጣውን ዕቃ ነው፤ መሳቢያው የሚያውቀው የቀረውን ጥሬ ገንዘብ ነው። በሁለቱ መካከል ዳቦ አከፋፋዩ ጠዋት የወሰደው አለ፣ የለስላሳ መኪናው የወሰደው አለ፣ በዱቤ የሄደ ዘይት አለ፣ ስልኳ ላይ በቴሌብር የገባ አለ፣ ልጇ ለደብተርና ለታክሲ ብሎ ያነሳው አለ። ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም። አክስቴ አንዱን ነገር በትጋት ስትመዘግብ ሌላውን ሁሉ ለጭንቅላቷ ትታው ነበር።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «እንግዲያው ሁሉንም መጻፍ ነው» ይላል። እኔ ግን አይመስለኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ተማሪዎች ደጁን ሲያጣብቡት አንዱ ማስቲካ፣ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ እስክሪብቶ ይላል፤ በዚያ ግርግር እያንዳንዱን የሚጽፍ ባለሱቅ አላየሁም። የሚወጣው ገንዘብ ግን እንዲህ አይደለም። በቀን ውስጥ ከመሳቢያው ገንዘብ የሚወጣው አምስት ጊዜ ወይም ስድስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ቢበዛ አሥር። ሽያጩ ብዙና ጥቃቅን ነው፣ ወጪው ጥቂትና የሚታወቅ። ስለዚህ ጥቂቱን ሳያዛንፉ ጽፎ፣ ማታ መሳቢያውን ቆጥሮ፣ የጥሬ ገንዘቡን ሽያጭ ከዚያ ማውጣት ይቻላል። አክስቴን ያስተማርኳት በአጭሩ ይህንን ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት መሳቢያው ውስጥ ያለው ገንዘብ ተቆጥሮ «መነሻ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው፣ ባለቤቷም ብትሆን፣ ከመሳቢያው ብር ሲያነሳ ወዲያው ይጻፋል፤ ለምን እንደወጣም አንድ ቃል ይታከልበታል። ከሽያጭ ውጭ ወደ መሳቢያው የገባ ካለም፣ ለምሳሌ የዱቤ ዕዳ የከፈለ ሰው ቢኖር፣ እሱም ለብቻው ይጻፋል። ማታ በር ሳይዘጋ መሳቢያው ይቆጠራል። በማታው ቆጠራ ላይ በቀን የወጣው ሁሉ ይደመራል፤ ከድምሩ ላይ መነሻውና የዱቤ ክፍያው ይቀነሳል። የሚቀረው የዕለቱ የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ነው።

በወሬ ሲነገር ትንሽ ያደናግራልና አብረን የሠራነውን አንድ የጥቅምት ማክሰኞ ላሳያችሁ።

ጠዋት መሳቢያው ውስጥ 800 ብር ነበር፤ አብዛኛው አሥርና ሃምሳ ብር፣ ለመልስ የሚሆን ዝርዝር። ዳቦ አከፋፋዩ 900 ወሰደ። ረፋድ ላይ የለስላሳ መኪና መጣና 1,440 ተከፈለው። ዕቃውን ከመኪና አውርዶ ላስገባው ልጅ 80 ተሰጠ። ከሰዓት በኋላ የእቁብ ሰብሳቢዋ መጥታ የሳምንቱን 500 ይዛ ሄደች። ማታ ለቤት የሚሆን በርበሬና ሥጋ ለመግዛት 250 ወጣ። አንድ ላይ ሲደመር 3,170 ብር ነው። በመካከል አንዲት ጎረቤት የቆየ የዱቤ ዕዳዋን 650 ብር በእጅ ከፍላለች። ማታ መሳቢያው ሲቆጠር 4,365 ብር ተገኘ።

4,365 ላይ 3,170 ሲጨመር 7,535 ይሆናል። መነሻው 800 እና ጎረቤቷ የከፈለችው 650 ሲነሳለት 6,085 ይቀራል። ይህ በእጅ የተሸጠው ነው። ስልኳ ላይ የገቡትን የቴሌብር መልእክቶች አንድ በአንድ ስናይ 1,240 ብር ሆኑ። የዱቤው ደብተር ደግሞ በዚያ ቀን 780 ብር የሚያወጣ ዕቃ በዱቤ መሄዱን ይናገራል። ሦስቱ ሲደመሩ የማክሰኞው ሙሉ ሽያጭ 8,105 ብር ሆነ።

የቀድሞ ልማዷን ገና አልተወችም ነበርና በክር የታሰረው ደብተር ላይም ሽያጩን ጽፋ ነበር። እዚያ በቀይ የተከበበው ድምር 7,640 ይላል። «እንግዲህ ያመለጠኝ 465 ብር ብቻ ነው፤ ያን ያህልም አልተሳሳትኩ» አለች። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ስናነባቸው ግን ጎረቤቷ የከፈለችው 650 ብር እንደ ሽያጭ ተጽፎ አገኘነው። ዘይቱና ስኳሩ ግን የተሸጡት ባለፈው ወር ነው፤ ያኔ ተጽፈዋል። አሁን ዕዳው ሲከፈል እንደገና ሲጻፍ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው። 650ው ሲወጣ በእጇ የጻፈችው እውነተኛ ሽያጭ 6,990 ብቻ ይሆናል። ያመለጠው ሽያጭ እንግዲያው 465 ሳይሆን 1,115 ብር ነው። ሁለት ስሕተቶች ተደጋግፈው ቆመው ነበርና አንዱ ሌላውን ሸፈነው። ደብተር ላይ ከሚያጋጥሙ ነገሮች እንደዚህ የሚያሳስት የለም፤ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ አያይም።

ስለዚህ ዱቤው የራሱ ደብተር ያስፈልገዋል። አክስቴ ዱቤን ትጽፍ የነበረው እዚያው የሽያጭ ደብተር ላይ፣ ከዕለቱ ሽያጭ መካከል ነው። ሰውየው ሲከፍል ገጹን ፈልጋ በመስመር ትሰርዘዋለች። ከፊሉን ከከፈለ ግን ከሥሩ ቁጥር ትጨምርበታለች፤ ከሁለት ወር በኋላ ያንን ቁጥር እሷም አታነበውም። አሁን ለእያንዳንዱ ዱቤኛ አንድ ገጽ ሰጥተናል። ቀን፣ የወሰደው፣ የከፈለው፣ ቀሪው። የሚሰረዝ ነገር የለም፤ ሰው ሲከፍል አዲስ መስመር ይጻፍና ቀሪው ይቀንሳል፣ ደንበኛውም ቀሪውን በዓይኑ አይቶ ይሄዳል። በጭቅጭቅ የሚያልቀው ዱቤ ብዙውን ጊዜ ሰው ስላልከፈለ ሳይሆን፣ ሁለቱ ወገኖች በየልባቸው የተለያየ ቀሪ ይዘው ስለሚኖሩ ነው። በወር አንድ ጊዜ ቀሪዎቹ ሁሉ ተደምረው በመጨረሻው ገጽ ላይ ይጻፋሉ። ያ ድምር በየወሩ እያደገ ከሄደ፣ ሽያጭ የሚመስለው ነገር ከፊሉ ሰው እጅ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው።

ቴሌብር ከ2013 ግንቦት ወዲህ ሲመጣ ብዙ ባለሱቅ የተደሰተው ዝርዝር ፍለጋው ስለቀለለት ነው። ለመዝገብ ግን አንድ ችግር ይዞ መጣ፤ ገንዘቡ የሚገባው የባለሱቋ የግል ስልክ ላይ ነው። አክስቴ ከዚያው ላይ ካርድ ትሞላለች፣ ለእህቷ ልጅ ትልካለች፣ የመብራት ትከፍላለች። ማታ ላይ ቀሪ ሒሳቡን ማየት ስለዚህ ስለ ሽያጩ ምንም አይነግርም። የሚያስፈልገው የገቡትን መልእክቶች ብቻ መደመር ነው፤ የወጡትን ደግሞ ልክ ከመሳቢያ እንደወጡ ቆጥሮ ለሱቅ ወይስ ለቤት እንደሆነ መጻፍ። ስለ መልእክት ከተነሳ ላይቀር፣ «ልኬያለሁ፣ ይኸው» ብሎ የራሱን ስልክ የሚያሳይ ደንበኛ ሲመጣ በራስ ስልክ መልእክት እስኪገባ ጠብቆ ዕቃውን መስጠት ይሻላል። የተላከ የሚመስል ምስል ማሳየት ከባድ አይደለም።

እቁቡ ላይ ትንሽ ተከራክረናል። እሷ «ወጪ ነው» ትላለች፤ እኔ አይደለም እላለሁ። የእቁብ ገንዘብ ከመሳቢያ ቢወጣም አልጠፋም፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ የራሷ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከኪራይና ከጫኝ ጋር አይደመርም፤ የራሱ ዓምድ አለው። ዋናው ጣጣ የሚመጣው ግን ዕጣው ሲወጣ ነው። ያኔ ብዙ ብር በአንድ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ መደርደሪያው ይሞላል፣ ባለሱቁም ንግዱ ያደገ ይመስለዋል። የእቁብ ብር ሲገባ ልክ እንደ ዱቤ ክፍያ ለብቻው ካልተጻፈ የዚያ ቀን ሽያጭ ሰማይ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወር ሁሉ ደግሞ ገበያው የቀዘቀዘ ያስመስለዋል።

ይህ በመቁጠር ሽያጭን የማውጣት ዘዴ አንድ ነገር አያሳይም፤ ይህንንም ለአክስቴ አልደበቅኳትም። ልጁ ሃምሳ ብር ሳይጽፍ ቢያነሳ፣ ወይም ለመልስ ሃያ ብር ተጨምሮ ቢሰጥ፣ ሒሳቡ ጉድለት አያወጣም። ሽያጩ ብቻ በዚያው ልክ ያነሰ ይመስላል። በክር የታሰረውን ደብተር ያልጣልነው ለዚህ ነው። በወር ውስጥ አንድ ሳምንት፣ የቻለችውን ያህል፣ ማስቲካውንም ሳይቀር እያንዳንዱን ሽያጭ ትጽፋለች። ያን ሳምንት ሁለቱ አኃዞች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የተጻፈው ከተቆጠረው ካነሰ ጥቃቅኑ አምልጧል ማለት ነው፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የተቆጠረው ከተጻፈው ካነሰ ግን ገንዘብ ሳይጻፍ ወጥቷል፣ ወይም መልስ ላይ ስሕተት አለ። ሁለተኛው ነው የሚያሳስበው። በቀሪዎቹ ሳምንታት ደግሞ ማክሰኞን ከማክሰኞ፣ ቅዳሜን ከቅዳሜ ማስተያየት ይበቃል፤ የቅዳሜን ገበያ ከሰኞ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ልዩነት ሲገኝ ማስተካከል የሚባል ፈተና አለ። ማታ ደክሟታል፣ 40 ብር አልገጠመም፣ ዳቦው 900 ሳይሆን 940 ነበር ብላ ብትጽፍ ሁሉም ይገጥማል። ይህንን አታድርጊ አልኳት። «ጎደለ 40» ብሎ መጻፍ ይሻላል። አንድ ቀን የጎደለ 40 ምንም አይደለም፤ በየሐሙሱ የሚጎድል 40 ግን ማን ሐሙስ ሐሙስ ባንኮኒው ላይ እንደሚቆም ያስጠይቃል። የተስተካከለ ቁጥር ይህን ሊናገር አይችልም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሽያጭና ስለ ጥሬ ገንዘብ ነው። ትርፍ ሌላ ነው፤ እሱ በየማታው አይታወቅም። የማክሰኞዋ 8,105 ውስጥ ስንቱ ትርፍ እንደሆነ ለማወቅ ዕቃው ስንት እንደተገዛ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዷ ሳሙና ይህንን መከታተል ደግሞ አይቻልም። እዚህም መንገዱ ያው ነው፤ በየጊዜው የሚሆነውን ሁሉ ከመከተል ይልቅ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ቆጥሮ መካከሉን ማውጣት።

መስከረም 30 ማታ ሱቁን በጊዜ ዘግተን ዕቃ ቆጠርን። እኔ እየቆጠርኩ እሷ ጻፈች። ከበሩ በስተቀኝ ጀምረን መደርደሪያ በመደርደሪያ ሄድን፤ የጨረስነውን መደርደሪያ ሁለት ጊዜ እንዳንቆጥር ጠመኔ ቀባንበት። የተከፈተውን የስኳር ማዳበሪያ በሚዛን መዘንነው። ባዶ የለስላሳ ጠርሙሶችና ሳጥኖችም ተቆጠሩ፣ እነሱም ገንዘብ ናቸውና። ቀኑ ያለፈበትን ብስኩት በሥራው ዋጋ፣ ማለትም በዜሮ፣ ጻፍነው፤ እሷ ከፍቷት ነበር። የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ የተጻፈው በተገዛበት ነው እንጂ በሚሸጥበት አይደለም። ለዚህ የጅምላ ደረሰኞቹ አስፈለጉን፤ ደግነቱ አክስቴ ደረሰኝ አትጥልም፣ ከመደርደሪያው ጎን ያለ ሚስማር ላይ እየሰካች ታስቀምጣለች። ደረሰኝ የሌለውን፣ እንደ ሽንኩርቱ ያለውን፣ ከራሷ ጠይቀን በወረቀት ጽፈን ሚስማሩ ላይ ሰካን። የመጀመሪያው ቆጠራ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ጥቅምት 30 ስንደግመው ግማሹ ጊዜ በቃን።

መስከረም 30 የነበረው ዕቃ በመግዣ ዋጋ 96,400 ብር ወጣ። በጥቅምት ውስጥ የገባው ዕቃ 187,300 ብር ነው፤ ሚስማሩ ላይ ካሉት ደረሰኞች የተደመረ። እዚህ ላይ ከአከፋፋይ በዱቤ የመጣውም ይቆጠራል፣ ገንዘቡ ገና ባይከፈልም ዕቃው ገብቷልና፤ ዕዳው የደብተሩ ጀርባ ላይ በአከፋፋዩ ስም ይቀመጣል። ጥቅምት 30 የቀረው ዕቃ 92,100 ብር ሆነ። እንግዲህ 96,400 ላይ 187,300 ሲደመር 283,700 ነው፤ የቀረው 92,100 ሲነሳለት በወሩ ከሱቁ የወጣው ዕቃ በመግዣ ዋጋው 191,600 ብር ነበር ማለት ነው። የማታ ማታዎቹ ሽያጮች ድምር 226,450 ብር ነው። ልዩነቱ 34,850 ብር።

ይህ ገና ትርፍ አይደለም። ኪራይ 8,000፣ የረዳቷ ደመወዝ 3,500፣ የማጓጓዣና የጫኝ 2,400፣ መብራት 620፣ ለሱቅ ሥራ የተሞላ ካርድ 350 አለበት፤ በድምሩ 14,870። ከ34,850 ላይ ሲነሳ 19,980 ብር ይቀራል። ይህ ነው የጥቅምት ትርፍ።

አክስቴ ቁጥሩን ስታይ ደስ አላት፤ ከጠበቀችው በላይ ነበር። ቀጥሎ ለቤት የወጣውን ዓምድ ደመርን። እቁቡን ጨምሮ 24,600 ብር። ሱቁ ካተረፈው በላይ 4,620 ብር ወጥቷል። «ከየት መጣ ታዲያ?» አለች፣ ዕዳ አልገባሁም፣ ከማንም አልተበደርኩም ብላ። መልሱ መደርደሪያው ላይ ነበር። 96,400 የነበረው ዕቃ 92,100 ሆኗል፤ 4,300ው ከዚያ ነው የወጣው። የቀረው 320 ከመሳቢያው፣ ከስልኩና ከዱቤው ቀሪ ላይ ተሸርሽሮ ነው። ከእቁቡ ውስጥ አራት ሳምንት የገባው 2,000 ብር ዕጣው ሲወጣ ይመለሳል፤ ቢሆንም እሱንም ብንቀንስ ለቤት የወጣው ከትርፉ ይበልጣል። መደርደሪያ እየሳሳ ሲሄድ በዓይን ቶሎ አይታወቅም፤ ከፊት ያለው ረድፍ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ የሚጎድለው ከኋላው ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ሒሳቡን ስንሠራ «በመቶ ብር ላይ በአማካይ ሃያ ነው የምጥለው» ብላኝ ነበር። ይህ እውነት ከሆነ 191,600 የተገዛው ዕቃ 229,920 መሸጥ ነበረበት። የተሸጠው 226,450 ነው። 3,470 ብር ይጎድላል። እርግጥ ሃያው ግምት ነው፤ ስኳርና ዘይት ላይ የምትጥለው ከዚያ ያነሰ፣ ከረሜላና እስክሪብቶ ላይ የበለጠ ነው። የበሰበሰ ሽንኩርትና ቀኑ ያለፈ ብስኩትም ውስጡ አለ። እሷ ግን ጥቂት ዝም ብላ «ጓዳዬ» አለች። ከሱቁ ወደ ቤት የሚሄደው ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታና ሳሙና የትም አይጻፍም ነበር። ገንዘብ ከመሳቢያ ስታነሳ ትጽፋለች፤ ዕቃ ከመደርደሪያ ስታነሳ ግን የራሷ ስለሆነ መጻፍ አልታሰባትም። ለሒሳቡ ግን ያው ነው፤ የወጣ ዕቃ አለ፣ የገባ ገንዘብ የለም።

ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ይህ የወር ሒሳብ ትንሽ እንደሚያታልልም መናገር አለብኝ። በድሮ ዋጋ የተገዛ ዘይት በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ ትርፉ ወፍራም ሆኖ ይታያል፤ ያንኑ ዘይት መልሶ ለመግዛት ግን ከትርፉ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ጅምላው ላይ ሲወደድ፣ የወሩ ትርፍ ሁሉ ይበላል ተብሎ መወሰድ የለበትም። አክስቴ ይህንን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። የዋጋውን ጭማሪ የምትሰማው ደረሰኙ እጇ ሳይገባ፣ ከአከፋፋዩ ፊት ነው።

ጳጉሜን ምን እናድርገው የሚለው አሳቀን። ኪራዩም ደመወዙም በወር ነውና እነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ሽያጭ አላቸው፣ ኪራይ የላቸውም። ለብቻቸው አንድ መስመር ይሰጣቸዋል ብለን ተስማማን፤ ከነሐሴ ጋር ከተቀላቀሉ ነሐሴ ያለ ሥራው ጎበዝ ወር ይመስላል። ሰኔ 30 ማታ ያለው ቆጠራ ግን የማይዘለል ነው። የግብር ዓመቱ የሚያልቀው በዚያ ቀን ነው፣ ሐምሌ 1 ሌላው ይጀምራል። ይህ ደብተር ሕጉ የሚጠይቀውን ደረሰኝ አይተካም፤ ግን ሰው መጥቶ በቀን ስንት ትሸጫለሽ ብሎ ሲጠይቅ በግምት ከመመለስ ደብተር ከፍቶ ማሳየት ይለያል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ደውላ የዕቃው ቆጠራ 93,050 መድረሱን ነገረችኝ፤ ልጇ ነው አብሯት የቆጠረው። ማታ ማታ ሒሳቡ ሃያ ደቂቃ ይወስድባታል፣ ከፊሉን ጊዜ የሚበላው የቴሌብር መልእክቶቹን መፈለግ ነው። ከዱቤው ደብተር ላይ ግን እኔ ያልነገርኳትን አንድ ነገር ጨምራ ነበር። በራሷ ስም ገጽ ከፍታለች። ዘይት ወደ ቤት ስትወስድ እንደማንኛውም ዱቤኛ ትጽፋለች፤ በመግዣ ዋጋ ነው እንጂ፣ በራሴ ላይማ አላተርፍም ትላለች። ቀሪው 1,860 ብር ደርሷል።

«ከሰፈሩ ሁሉ ትልቋ ዱቤኛ እኔ ነኝ ለካ» አለችኝ። «ከፋይም ብሆን ጥሩ ነበር!»